የክብ ማጠራቀሚያ ግድግዳ ሲሞላ አርማታው ለምን ይጎድላል? ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። የክብ ውሃ ማጠራቀሚያ ግድግዳ እየተሞላ ካሳፎርማው አፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አርማታው ያልቃል። ሲሚንቶው እንደ ሒሳቡ ገብቷል፣ የሚታይ ፍሳሽ የለም፣ 5 በመቶ የብክነት ተጨማሪም ተይዟል። ፎርማኑ ጋሪ ገፊዎቹን ይቆጣል፣ ጋሪ ገፊዎቹ ሚክሰሩ ላይ የቆመውን ይወቅሳሉ። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእነሱ አይደለም፤ ሒሳቡ በተሠራበት ወረቀት ላይ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ይህንኑ ስህተት ደጋግሜ ስላረምኩ መንስኤውን ከነቁጥሩ አስቀምጣለሁ።

መንስኤ፦ የውስጥ ዲያሜትር በውፍረት መባዛቱ

ፕላኑ ላይ የሚጻፈው የውስጥ ዲያሜትር ነው፤ ባለቤቱ የሚፈልገው ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ ማወቅ ነውና። ሒሳብ የሚሠራው ሰው ያንን ቁጥር አንስቶ በፓይ ያባዛል፣ ዙሪያውን ያገኛል፣ ከዚያ በውፍረትና በከፍታ ያባዛል። ያገኘው ዙሪያ ግን የግድግዳው የውስጥ ፊት ብቻ ነው። ግድግዳው ወደ ውጭ በሄደ ቁጥር ክቡ ይሰፋል፤ ያ ስፋት በሒሳቡ ውስጥ የለም።

በአንድ ማጠራቀሚያ እንየው። የውስጥ ዲያሜትሩ 6 ሜትር፣ ውፍረቱ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 3.5 ሜትር ነው፤ ወደ 99 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። የውስጥ ፊቱ ዙሪያ 18.85 ሜትር ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 6.5 ሜትር ስለሚሆን የውጭ ዙሪያው 20.42 ሜትር ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ልዩነት አለ። ትክክለኛው ርዝመት በግድግዳው ውፍረት መሃል የሚያልፈው ክብ ነው፤ የእሱ ዲያሜትር 6.25 ሜትር፣ ዙሪያው 19.63 ሜትር ነው።

```
ይዘት = π × (የውስጥ ዲያሜትር + ውፍረት) × ውፍረት × ከፍታ
     = 3.1416 × 6.25 × 0.25 × 3.5
     = 17.18 ሜትር ኩብ
```

በ6 ሜትር የሠራው ሰው 16.49 ያገኛል፤ 0.69 ሜትር ኩብ ጎደለው ማለት ነው። በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ከሚገባበት አርማታ ይህ አምስት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ይበላል። በ6.5 የሠራው ደግሞ ያንኑ ያህል አትርፎ ይገዛል።

ግድግዳው በመሃል መስመሩ መለካቱ የማይዋጥለት ሰው አንድ ክንድ የሚያህል ወፍራም የውሃ ጎማ ወስዶ በርዝመቱ በአንድ ወገን ብቻ ይሰንጥቀውና ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ይዘርጋው። የውስጥ ፊቱ ሲለጠጥ፣ የውጭ ፊቱ ሲጨማደድ በዓይኑ ያያል። ሳይለጠጥም ሳይጨማደድም የሚቀረው በጎማው ውፍረት መሃል ያለው ነው።

ስህተቱ ለምን ሳይታወቅ ይኖራል?

እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ከላይ ባለው ማጠራቀሚያ የጎደለው 4 በመቶ ነው፤ የብክነት ተጨማሪው 5 በመቶ ነው። 16.49 ላይ 5 በመቶ ሲጨመር 17.32 ይሆናል። ከትክክለኛው ይዘት በላይ የተረፈው 0.14 ሜትር ኩብ ብቻ ነው፤ ሁለት የእጅ ጋሪ ገደማ። ሁሉም ነገር ከሰመረ ሥራው ያልቃል፣ ሒሳቡም ትክክል መስሎ ለሚቀጥለው ሥራ ይገለበጣል።

ሳቢያን አካባቢ በገጠመኝ ሥራ ግን አልሰመረም። መጠኑ ከላይ የጻፍኩት ነው። ሙቀቱን ሽሽት ገና ጎህ ሳይቀድ መሙላት ተጀመረ። የውጭው ካሳፎርማ ማሰሪያ ሽቦዎች የቀጠኑና ቀድሞ ተጠቅመው የጣሏቸው ስለነበሩ ካሳፎርማው በአማካይ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ሆዱን ነፋ። አንድ ሴንቲ ሜትር በዓይን አይታይም፤ በ25 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ላይ ግን ሌላ 4 በመቶ ነው። ግድግዳው 17.9 ሜትር ኩብ ጠየቀ፣ የተዘጋጀው 17.32 ነበር። ሒሳቡ ከመጀመሪያው ትክክል ቢሆን ኖሮ በ5 በመቶው 18.04 ይዘጋጅ ነበርና ከነሆዱ ይሞላ ነበር።

ጉድለቱ በዙሪያው እኩል ቢከፋፈል 11 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነ። ሠራተኞቹ ግን ከሚክሰሩ ወገን ጀምረው ወደ አፍ እየሞሉ ስለሄዱ ጉድለቱ ሁሉ በሩቁ ሩብ ክብ ላይ ተከማቸ፤ እዚያ የጎደለው ከፍታ ግማሽ ሜትር ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሲሚንቶና አሸዋ ተጨምሮ እስኪመጣ ፀሐይዋ ወጥታ ነበር። የቪብሬተሩ መርፌ ወደ ታችኛው አርማታ አልገባ አለ። በላዩ ጨመሩበት። ውሃ ሲሞላ በዚያ ወገን ሰያፍ የሆነ እርጥብ መስመር ወጣ፤ የከተማው ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ መስመሩ እየደረቀ ነጭ ሆኖ ቀረ።

መፍትሄ

ከመሙላት በፊት ፕላኑን ትታችሁ ካሳፎርማውን ለኩ። ከማዕከሉ ብረት ላይ ሜትሩን አስራችሁ ወደ ውስጠኛውና ወደ ውጭኛው ፊት ቢያንስ በስድስት ቦታ ለኩ፤ ከታች፣ ከመሃልና ከላይ። ሁለቱን አማካይ ራዲየሶች ደምሩ፤ ድምሩ ራሱ መካከለኛው ዲያሜትር ነው። እዚህ 3.00 እና 3.25 ሲደመሩ 6.25 ይሰጣሉ። የብክነት ተጨማሪውን ከዚህ በኋላ ብቻ ጨምሩ። በዙሪያው ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር እየተነሳችሁ በንብርብር ሙሉ፤ አንዱን ወገን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ።

ካነሰባችሁና የታችኛው ከጠነከረ በላዩ አትጨምሩ። ቁሙ። ጠጠሩ እስኪታይ ፊቱን ፈልፍላችሁ፣ አቧራውን አጥባችሁ፣ አርጥባችሁ ነው የሚቀጠለው።

ትንሽ ጉድጓድ ስትሠሩ የበለጠ ተጠንቀቁ። የስህተቱ መጠን ውፍረቱ ለመካከለኛው ዲያሜትር ሲካፈል የሚገኘው ነው። የውስጥ ዲያሜትሩ 2 ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 9 በመቶ ይደርሳል፤ ይህንን የ5 በመቶ የብክነት ተጨማሪ አይሸፍነውም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ይዘቱን ከውጭና ከውስጥ ራዲየስ ስታሰሉ መልሱ በጣም ትንሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለዚህ ግድግዳ 0.69 ከወጣ፣ ራዲየሶቹ ከተቀነሱ በኋላ ነው በራሳቸው የተባዙት። መጀመሪያ እያንዳንዱ በራሱ ይባዛል፣ ከዚያ ይቀነሳል፦ 10.5625 ሲቀነስ 9፣ ውጤቱ 1.5625 ነው፤ በፓይና በ3.5 ሲባዛ ያው 17.18 ይመጣል።

መልሱ 1.5 ሜትር ኩብ ገደማ ከበለጠ የግድግዳው ከፍታ ከወለሉ ሶሌታ ሥር ተለክቷል። 30 ሴንቲ ሜትር ወለል እስከ ውጭኛው ፊት ከተቆጠረ ግድግዳው ከወለሉ በላይ ነው የሚጀምረው።

በክብ ምሰሶ ላይ መልሱ አራት እጥፍ ከሆነ ዲያሜትሩ በራዲየስ ቦታ ገብቷል። በ27 በመቶ ከበለጠ እንደ አራት ማዕዘን ተሰልቷል። 40 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትርና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ምሰሶ 0.377 ሜትር ኩብ ነው እንጂ 0.48 አይደለም።

ያለቀ ግድግዳ ዙሪያው በሜትር ተለክቶ ለፓይ ሲካፈል የሚገኘው የውጭ ዲያሜትር ነው፤ ውፍረቱ ተቀንሶ እንጂ ተደምሮ አይደለም መካከለኛው የሚገኘው። ልስን ካለበት የልስኑን ውፍረት አስቀድማችሁ ከሁለቱም ወገን አውጡ።

በ3.14 እና በ3.1416 መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ሁሉ አርማታ ላይ 9 ሊትር ብቻ ነው፤ አትጨነቁበት። ፓይን 3 ብሎ የሚያሰላ ፎርማን ካጋጠማችሁ ግን ወረቀቱን ተቀብላችሁ እንደገና ሥሩት፦ 0.77 ሜትር ኩብ ያጎድልባችኋል። የውስጥ ዲያሜትሩን ስህተት ከጨመረበት ደግሞ ጉድለቱ ከ1.4 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል።