ኖይዝ ካንስሊንግ ሄድፎን «ሽሽሽ» ሲል ወይም ጆሮ ሲያፍን፦ ማይኩ ተደፍኖ ነው ወይስ ሰርኪቱ ተበላሽቶ?

ኖይዝ ካንስሊንግ ያለው ሄድፎን ለጥገና ሲመጣ ባለቤቱ ከሁለት ቅሬታዎች አንዱን፣ አንዳንዴም ሁለቱንም ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው ሙዚቃ ሳይከፈት እንኳ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ «ሽሽሽ» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወረድ እንደሚሰማው ዓይነት ጆሮን የሚደፍን ስሜት ነው። ሁለቱም በመጠኑ ሲሆኑ ብልሽት ስላልሆኑ፣ አስቀድሞ ጤነኛውን ከታማሚው መለየት ያስፈልጋል።

ከሄድፎኑ ውጫዊ ገጽ ላይ ያለው ማይክ የአካባቢውን ጫጫታ ያዳምጣል፤ ከስፒከሩ አጠገብ ያለው የውስጥ ማይክ ደግሞ ጆሮ ዘንድ የደረሰውን ይከታተላል። ሰርኪቱ ከእነዚህ የተቀበለውን ሞገድ ገልብጦ በስፒከሩ በኩል ይለቅና ጫጫታውን ያጣፋል። ማይክ ሁሉ የራሱ የሆነ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ጫጫታ ስላለው፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በሁለቱም ጆሮ እኩል የሚሰማና ሙዚቃ በዝቅተኛ ድምፅ ሲከፈት የሚጠፋ ሽሽታ የሥራው ባሕርይ ነው። የማፈን ስሜቱም ቢሆን የአየር ግፊት አይደለም። በብዛት የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ወፍራሞቹ ድምፆች ጠፍተው ቀጫጭኖቹ ሲቀሩ አእምሮ ይህንን የግፊት ለውጥ አድርጎ ይተረጉመዋል የሚል ነው። የካንስሊንጉን መጠን ሲቀንሱት ስሜቱም በሁለቱ ጆሮ እኩል የሚቀንስ ከሆነ ሄድፎኑን መፍታት አያስፈልግም።

ብልሽት የሚባለው ችግሩ በአንድ ጆሮ ብቻ ሲያመዝን፣ ድሮ ሳይኖር በቅርቡ ሲጀምር፣ ወይም ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ የሚለዋወጥ ሲሆን ነው። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ካንስሊንጉን አጥፍቶ ብሉቱዙን እንደተገናኘ መተው ይገባል። ሽሽታው ካልጠፋ ማይኮቹን መጠርጠር ከንቱ ነው፤ ምንጩ የድምፅ ማጉያው ክፍል ወይም የብሉቱዙ ቦርድ ነው። ካንስሊንጉ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ግን ወደ ማይኮቹ እንሄዳለን።

ለዚህ የሚሆን ምንም መሣሪያ የማይፈልግ ፈተና አለ። በአንዳንድ ሄድፎን Ambient Sound፣ በሌላው Transparency ተብሎ የተጻፈው አማራጭ የውጭውን ድምፅ በማይኮቹ በኩል ወደ ጆሮ ያስገባል። እሱን ከፍቶ ከውጭ በኩል ያለውን የማይክ ቀዳዳ አካባቢ በጣት ጫፍ በቀስታ መፋቅ ነው። ጤነኛ ማይክ ፍቀቱን ጥርት አድርጎ ያሰማል፤ የተደፈነው ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚመጣ ድምፅ ያደክመዋል፤ የሞተው ደግሞ በሄድፎኑ አካል በኩል ከሚያልፈው ንቅናቄ በቀር ምንም አያሰማም።

አንዲት ደንበኛ ያመጣችው ሄድፎን ይህንን ሁሉ በአንድ ላይ ያሳየኝ ነበር። ቀኝ ጆሮዋን ያፍናታል፣ እዚያው በኩል ደግሞ ሽሽታው ከፍ ይላል። ካንስሊንጉ ሲጠፋ ሁለቱም ጠፉ። በፍቀቱ ፈተና ግራው እንደ አሸዋ ወረቀት ጠርቶ ተሰማ፣ ቀኙ ግን ደንዝዞ ነበር። በማጉያ መነጽር ሲታይ የቀኙ ቀዳዳዎች የፀጉር ቅባት ከአቧራ ጋር ተጋግሮባቸው እንደ ሰም ጠንክረው ነበር። በአንድ በኩል ያለው ማይክ ሲደፈን ጫጫታው በአንድ ጆሮ ብቻ ስለሚጣፋ የሁለቱ ጆሮ ሚዛን ይዛባል፤ የአንድ ወገን ማፈን የሚሰማውም ከዚህ ነው።

ማጽዳቱ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይፈልግም። ቆሻሻው ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ታች እንዲወድቅ ቀዳዳውን ወደ መሬት አዙሮ በደረቅና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ መቦረሽ ነው። የቀረውን በፖስተር መለጠፊያ ሊጥ ጫን እያደረጉ መንቀል ይቻላል። አልኮል ካስፈለገ በጥጥ ጫፍ ላይ እርጥበቱ ሊጠፋ ሲቃረብ ብቻ መጠቀም፣ ከዚያም እስኪደርቅ አለመክፈት ነው። መርፌ ማስገባት፣ በአፍ እፍ ማለትና የታመቀ አየር መንፋት ግን ከመረቡ ኋላ ያለውን የማይኩን ስስ ገለፈት ሊጎዳው ይችላል። በማጽዳት ሊድን ይችል የነበረ ማይክ በዚህ ምክንያት ሞቶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጆሮ ውስጥ በሚገቡት ትንንሾቹ ላይ ሌላ ቀዳዳ አለ፤ እሱም አየር የሚያመጣጥን ነው። በጆሮ ሰም ሲደፈን ማፈኑ የእውነት ግፊት ይሆናል፣ ሲያስገቡትም «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። መፍትሔው ያው ደረቅ ብሩሽ ነው። በትልልቆቹ ላይ ደግሞ ስፖንጁ ተሰንጥቆ ወይም የመነጽር እጀታ ከፍቶት አየር ሲያስገባ፣ ሲራመዱ «ዱም ዱም» የሚል ወፍራም ድምፅ ይመጣል። ስፖንጁን በጣት ወደ ጆሮ ጫን ሲያደርጉት የሚስተካከል ከሆነ መለወጥ ያለበት ስፖንጁ ነው። ሲለወጥም ውፍረቱና የውስጡ ጨርቅ ከዋናው ጋር እንዲመሳሰል ያስፈልጋል፤ የውስጥ ማይኩ የተቃኘው በስፖንጁና በጆሮው መካከል ላለው ባዶ ቦታ ነውና።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው አንድ ጉዳይ ልጨምር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እንደ ሶኒ WH-1000XM3 እና WH-1000XM4 ያሉት ሄድፎኖች ካንስሊንጉን ለአየሩ ግፊትና ለአለባበሱ የሚያስተካክል አማራጭ አላቸው። ከዱባይ ወይም ከጅቡቲ የመጣ ሄድፎን እዚህ ሲያፍን፣ ከመፍታት በፊት ይህንን ማስኬድ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይወስዳል።

ወደ ደንበኛዋ ሄድፎን ስንመለስ፣ ቀዳዳዎቹ ከጸዱ በኋላ የቀኙ ፍቀት ጠራ፣ ማፈኑም ተስተካከለ። ሽሽታው ግን አልጠፋም። ካንስሊንጉን ከፍቼ የቀኙን ማጠፊያ በቀስታ ሳጥፍና ስዘረጋ ሽሽታው ይነሣና ይወርድ ነበር፤ በአንድ ቦታ ላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ ጠፋ። ይህ የማይክ ሳይሆን የሽቦ ምልክት ነው። በጭንቅላት ማሰሪያው በኩል ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው የሚያልፈው ገመድ የማይኩን ደካማ ሲግናል ስለሚሸከም፣ ማጠፊያው ላይ ሲላላ ወይም መሸፈኛው ሲበጠስ ባዕድ ጫጫታ ይገባበታል። ገመዱ ሲለወጥ የሁለቱ ጆሮ ሽሽታ እኩል ሆነ።

ማጠፊያው ምንም ለውጥ ካላመጣ፣ ሶፍትዌሩን ማደስና ሄድፎኑን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ ይቀራል። ከዚያም በኋላ ካንስሊንጉ ሲከፈት የሚያፏጭ፣ «ፏ» እያለ የሚቆራረጥ፣ ወይም ባትሪው ሲቀንስ ብቻ የሚብስ ከሆነ ችግሩ በሰርኪቱ ውስጥ ነው። ላብ የገባበት ቦርድ ዝገቱ በአልኮል ታጥቦ ሊድን ይችላል። ማይክን በሙቅ አየር ነቅሎ ሌላ መተካት ግን፣ የሚቻል ቢሆንም፣ እኔ የማልመክረው ሥራ ነው፤ ካንስሊንጉ ፋብሪካ ውስጥ የተቃኘው በዚያው ማይክ የመስማት አቅም ልክ ስለሆነ፣ በትንሹ የሚለይ ማይክ ሲገባ ጫጫታውን ከማጣፋት ይልቅ ሊጨምረው ይችላል። ዋስትናው ያላለፈ ሄድፎን ከሆነ እዚህ ደረጃ ላይ ሳይፈታ ወደ ሻጩ መመለስ አለበት፤ ያለፈበት ከሆነ ደግሞ ካንስሊንጉን አጥፍቶ እንደ ተራ ሄድፎን መጠቀም ይቻላል።