ስሟን አጥፍቼ እንኳ ታካሚዋ የታወቀችበት ሪፖርት

የኢንተርንሺፕ ሪፖርቴ ሁለቴ ተመለሰብኝ። ሁለቱም ጊዜ «ታካሚዋ ትለያለች» ተብሎ ነው።

መጀመሪያ ስሟን በፊደል ምህጻር ተክቼ ካርድ ቁጥሯን ግን እንዳለ ተውኩት። ካርድ ክፍል የሚገባ ሰው በቁጥሩ ብቻ ያገኛታል። ቀጥሎ በ Word ላይ ቁጥሩን በጥቁር ቀለም ሸፈንኩት። ሱፐርቫይዘሬ ኮፒ አድርጎ ሌላ ገጽ ላይ ሲለጥፈው ቁልጭ ብሎ ወጣ! ሙሉ በሙሉ ሰረዝኩት።

ከዚያ ታካሚዋ ለተኛችበት ዋርድ ነርስ አስነበብኳት። «መምህሯ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ ወዲያው። ለካ ችግሩ ስሙ ብቻ አልነበረም። «የ34 ዓመት መምህርት፣ በጥምቀት ዕለት የገባች» ብዬ ነበር፤ ቀበሌዋንም ጨምሬ።

የሠራው ይህ ነው። ለሕክምናው የማያስፈልገውን አወጣሁ፤ ሥራዋን፣ ቀበሌዋን፣ ቀኑን። «በ30ዎቹ ዕድሜ ያለች፣ የ36 ሳምንት መንታ እርግዝና፤ ቀን 0 በኤክላምፕሲያ ገባች፣ ማግኒዥየም ሰልፌት ተጀመረላት፤ ቀን 5 ወጣች» ሆነ። መንታነቱን እንዳለ የተውኩት ለኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት ጋር ለሚመጣው መንቀጥቀጥ፣ ስለሚያጋልጥ ነው።

ሎግ ቡኩ ላይ «ማህ-07» ብቻ ጻፍኩ። ኮዱን ከካርድ ቁጥሩ የሚያገናኘው ወረቀት ዋርዱ ውስጥ በተቆለፈ መሳቢያ ቀረ፤ ሱፐርቫይዘሬ ማመሳከር ሲፈልግ እዚያው ያያል። ነርሷ ደግማ አነበበችው። በዚህኛው ዙር ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ።