የኩሽኔታ ማቀፊያ ስዕል ሲነበብና ሲሳል ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ባለ አንድ ቶርኖ ቤት ለወፍጮ የሚሠራ የኩሽኔታ ማቀፊያ እንውሰድ። ማቀፊያው ቁጥሩ 6206 የሆነውን ኩሽኔታ ስለሚይዝ የመሃል ቀዳዳው 62 ሚሊ ሜትር ነው። ክብና ጠፍጣፋ ፍላንጅ አለው፤ ከፍላንጁ ወደ ፊት አንገት ወጥቷል፤ አንገቱን ከፍላንጁ ጋር ከላይና ከታች ሁለት ቀጫጭን ማጠናከሪያ ክንፎች ይዘውታል፤ በአንገቱ አንድ ጎን ደግሞ የግራሶ ቀዳዳ አለ። ፍላንጁ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ የተደረደሩ አራት የቡሎን ቀዳዳዎች አሉት። ስፋታቸው 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን በእነሱ በኩል ኤም 10 ቡሎኖች አልፈው በወፍጮው ፍሬም ላይ ጥርስ በወጣላቸው ቀዳዳዎች ይታሰራሉ። ቀላል የሚመስል ሥራ ነው፤ ነገር ግን በስዕሉ ላይ የሚፈጸሙት ስህተቶች ሁሉ በዚህ አንድ ዕቃ ላይ ሊታዩ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ስህተት የእይታዎቹን አቀማመጥ ሥርዓት ሳያረጋግጡ ማንበብ ነው። ከፊት እይታው በስተቀኝ የተቀመጠው የጎን እይታ በአንደኛ ማዕዘን ሥርዓት ዕቃው ከግራ ሲታይ የሚኖረውን ቅርጽ ያሳያል፤ በሦስተኛ ማዕዘን ሥርዓት ግን ከቀኝ ሲታይ ያለውን። በቻይናና በአውሮፓ ስዕሎች ላይ የሚለመደው አንደኛው፣ በአሜሪካና በጃፓን ስዕሎች ላይ የሚለመደው ሦስተኛው ስለሆነ፣ ከተለያየ አገር የመጡ ማሽኖች በሚጠገኑበት ቤት ሁለቱም በአንድ ቀን እጅ ሊገቡ ይችላሉ። የግራሶው ቀዳዳ በጎን እይታው ላይ ብቻ ታይቶ በፊት እይታው ላይ የተሰወሩ መስመሮች ካልተሳሉ፣ ሥርዓቱን በስህተት የተረዳ ሠራተኛ ቀዳዳውን በተቃራኒው ጎን ይበሳዋል። በርዕስ ሳጥኑ አጠገብ የሚቀመጠው የተቆረጠ ሾጣጣ ምልክት ይህን ይፈታል፤ ሁለቱ ክቦች ከሾጣጣው ጠባብ ጫፍ ጎን ካሉ ሦስተኛ ማዕዘን፣ ከሰፊው ጫፍ ጎን ካሉ አንደኛ ማዕዘን ነው። ምልክቱ ከሌለም ዕቃው ራሱ ይናገራል። የአንገቱ ክብ በፊት እይታው ላይ በድፍን መስመር ከተሳለ አንገቱ ወደ ተመልካቹ የወጣ ነው ማለት ነው፤ ይኸው አንገት በጎን እይታው ላይ ከፊት እይታው ርቆ ወደ ውጭ ካመለከተ ስዕሉ አንደኛ ማዕዘን፣ ወደ ፊት እይታው ካመለከተ ሦስተኛ ማዕዘን ነው።

ሁለተኛው ስህተት በቁርጥ እይታ ላይ ይፈጸማል። የመቁረጫው ወለል ማቀፊያውን ከላይ ወደ ታች በመሃሉ ሲሰነጥቀው ሁለቱንም ክንፎች በርዝመታቸው ያልፍባቸዋል፤ ጀማሪ ሠዓሊም ቢላዋው የነካውን ሁሉ በስስ ሰያፍ መስመሮች ይሞላል። ክንፉ ከተሞላ ግን አንባቢው የሚያየው ዙሪያውን ሙሉ የሆነ ወፍራም ሾጣጣ እንጂ ቀጭን ክንፍ አይደለም፤ ሠራተኛውም ያንኑ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ በርዝመቱ የተቆረጠ ክንፍ፣ እንደ ዘንግና እንደ ቡሎን ሁሉ፣ ሰያፍ መስመር አይሞላበትም። ከቁርጡ በስተጀርባ የሚታዩ ጠርዞችን መተውም እንዲሁ ያሳስታል፤ ኩሽኔታው የሚያርፍበት የውስጥ እርከን ጠርዝ ቀዳዳውን አቋርጦ የሚሄድ መስመር ሆኖ መሳል አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ዕቃ የሚያስጥለው ግን ልኬት የሚነሳበትን ገጽ ወይም መስመር የሚያመለክተው የዳተም ምልክት የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የዳተሙ ሦስት ማዕዘን ከ62 ሚሊ ሜትሩ የመጠን መስመር ጋር በአንድ መስመር ላይ ሆኖ፣ ፍላጻው ላይ ከገጠመ፣ ዳተሙ የቀዳዳው ማዕከላዊ መስመር ነው፤ ከመጠን መስመሩ ፈቀቅ ብሎ በጠርዙ ላይ ካረፈ ግን ዳተሙ ራሱ ገጹ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር መንሸራተቱ ትርጉሙን ሙሉ በሙሉ ይለውጠዋል። በተጨማሪም ብዙዎች ለመለካት ይመቻል ብለው ዳተሙን በፍላንጁ የውጭ ክብ ላይ ያደርጉታል። የውጭው ክብ ከምንም ጋር አይጋጠምም፤ ዘንጉን የሚመራው የ62 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ ነው፤ ማቀፊያው በፍሬሙ ላይ የሚያርፈው ደግሞ በጀርባው ነው። ስለዚህ የጀርባው ገጽ አንደኛ ዳተም፣ የመሃል ቀዳዳው ማዕከላዊ መስመር ሁለተኛ ዳተም መሆን ይገባቸዋል። ቅደም ተከተሉም ዝም ብሎ የሚጻፍ አይደለም፤ አጭሩ ቀዳዳ አንደኛ ከሆነ ዕቃው በመለኪያው ላይ ሲያዝ ዘንበል ሊል ይችላል፣ ሰፊው ጀርባ አንደኛ ሲሆን ግን ልክ በፍሬሙ ላይ እንደሚቆመው ይቆማል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት የቡሎን ቀዳዳዎችን ቦታ በ± መወሰን ነው። ቀዳዳዎቹ በ45 ዲግሪ ስላሉ እያንዳንዱ ከመሃሉ በአግድምም በቁመትም 35.36 ሚሊ ሜትር ይርቃል። በመጀመሪያ የሚፈቀደውን እናስላ። ትንሹ ቀዳዳ 11፣ ትልቁ ቡሎን 10 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፍሬሙ ላይ ጥርስ የወጣላቸው ቀዳዳዎችም የራሳቸው ስህተት ስለሚኖራቸው ክፍተቱ እኩል ሲካፈል ለማቀፊያው Ø0.5፣ ማለትም 0.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ክልል፣ ይደርሰዋል። ይህም የእያንዳንዱ ቀዳዳ መሃል ከትክክለኛው ነጥብ ከ0.25 ሚሊ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም ማለት ነው።

አሁን ሠዓሊው በዚህ ፋንታ 35.36 ± 0.2 ብሎ ጻፈ እንበል። በሁለቱም አቅጣጫ 0.19 የሳተ ቀዳዳ በዚህ ጽሑፍ ያልፋል፤ እውነተኛው ርቀቱ ግን 0.27 ገደማ ስለሆነ ፍሬሙም በመጥፎው ጫፍ ላይ ከሆነ ቡሎኑ አይገባም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ 0.24 የሳተ ሌላ ቀዳዳ ደግሞ ይጣላል፤ ነገር ግን ከ0.25 ስለማያልፍ ይገጥም ነበር። ምክንያቱ ± የሚሰጠው የተፈቀደ ክልል አራት ማዕዘን መሆኑ ነው፤ ቡሎን ግን ክብ ስለሆነ የሚፈልገው ክብ ክልል ነው። ስለዚህ 35.36 ያለ ± በሳጥን ውስጥ ይጻፋል፣ የሚፈቀደው ስህተትም በቦታ ምልክት ⌖ እና በØ0.5 ይገለጻል። የØ ምልክቱን መርሳት ክቡን ክልል ስለሚያስቀር እሱም ራሱን የቻለ ስህተት ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ስህተቶች በለካው ሰው እጅ ይፈጸማሉ። ተሠርቶ የመጣ አንድ ቀዳዳ በአግድም 0.25፣ በቁመት 0.2 ሚሊ ሜትር ስቶ ተገኘ እንበል። √(0.25² + 0.2²) 0.32 ይሆናል። ይህን ከ0.5 ጋር አነጻጽሮ የሚያሳልፍ ሰው ተሳስቷል፤ በስዕሉ ላይ የተጻፈው የክልሉ ሙሉ ስፋት እንጂ ግማሹ ስላልሆነ 0.32 በሁለት መባዛት አለበት፤ ውጤቱ 0.64 ስለሚሆን ቀዳዳው አያልፍም።

ይሁንና ስዕሉ በØ0.5 ጎን፣ የቀዳዳው መስፋት ለቦታው ስህተት እንዲታሰብ የሚፈቅደው የⓂ ምልክት ካለው ፍርዱ ሊለወጥ ይችላል። የቀዳዳው ስፋት ከ11.0 እስከ 11.2 ተፈቅዶ፣ ይህኛው ቀዳዳ 11.2 ሆኖ ከተለካ፣ የሰፋው 0.2 ለቦታው ስህተት ይጨመርለታል፤ የሚፈቀደው 0.7 ስለሚሆን 0.64 ያልፋል። ምልክቱ በሌለበት ስዕል ላይ ግን፣ ቀዳዳው ምንም ያህል ቢሰፋና ቡሎኑ በእጅ ተሞክሮ ቢገባ እንኳ፣ ይህን ጭማሪ የለካው ሰው በራሱ ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም፤ ዕቃው ለሠዓሊው ይመለሳል፣ እሱም ጭማሪው ይገባል ካለ ስዕሉን አርሞ ያወጣል።