ቁጥሩ ከበድ ላለ ሰው የመነጽር ፍሬምና ሌንስ አመራረጥ፣ ጥሩ መነጽር ቤትም በምን እንደሚለይ

ቁጥሩ −4፣ −5፣ −6 የሆነ ሰው መነጽር ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ሌንሱ ስስ ይሁንልዎ?» የሚል ነው። ስስ የሚባለው ሌንስ ዋጋው የሚወደድ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ወፍራም መነጽር ፈርቶ ይከፍላል። ነገር ግን የሌንስን ውፍረት ከሌንሱ ዓይነት እኩል፣ አንዳንዴም አስበልጦ የሚወስነው የፍሬሙ ስፋት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ማዘዣ፣ ፍሬም፣ ሌንስ፣ ሽፋን መሆን አለበት።

1. ማዘዣውን ይያዙ፤ ፒዲውም ይጻፍበት

ማዘዣው ላይ ለቀኝና ለግራ ዓይን ለየብቻ ቁጥር ይጻፋል። አስቲግማቲዝም ካለ መጠኑን የሚያሳየው ሲሊንደርና አቅጣጫውን የሚያሳየው አክሲስ ይጨመራሉ። አገጭዎን አስደግፈው የሚያዩበት ማሽን አትሞ የሚያወጣት ቁራጭ ወረቀት ማዘዣ አይደለችም፤ መነሻ ናት። ከዚያ በኋላ መርማሪው ሌንስ እየቀያየረ «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?» እያለ ሰሌዳ ማስነበብ አለበት። በተለይ ልጆች ማሽኑ ውስጥ ሲያዩ ዓይናቸው ስለሚጨናነቅ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ በማይነስ ሊወጣ ይችላል፤ የልጅ ምርመራ ጠብታ ተደርጎ ቢሆን ይመረጣል። የስኳር ሕመምተኛ የሆነና ስኳሩ ከፍ ዝቅ እያለ ያለ ሰው እስኪረጋጋ ቢጠብቅ ይሻለዋል፤ ከስኳሩ ጋር ቁጥሩም ስለሚቀያየር ዛሬ የተሠራው መነጽር በወሩ ላይሆን ይችላል።

ፒዲ የሚባለው በሁለቱ ብሌኖች መሃል ያለው ርቀት ሲሆን በሚሊሜትር ይለካል። ብዙ ጊዜ ማዘዣ ላይ አይጻፍም፤ ጠይቀው ያጽፉት። አሜሪካ ያላችሁም ይህን ልብ በሉ፦ ከ1978 ጀምሮ ሐኪሙ ምርመራውን እንደጨረሰ ማዘዣውን ሳይጠየቅ የመስጠት የፌዴራል ግዴታ አለበት፤ ፒዲ ግን በዚያ ግዴታ ውስጥ አልተካተተም።

2. ፍሬሙን በቁጥሩ ያንብቡት

ጆሮ ላይ በሚያርፈው ዘንግ ውስጠኛ ጎን ሦስት ቁጥሮች ይገኛሉ፤ ለምሳሌ 54 18 140። የመጀመሪያው የአንዱ ሌንስ ስፋት፣ ሁለተኛው አፍንጫ ላይ በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለው ክፍተት፣ ሦስተኛው የዘንጉ ርዝመት ነው። ሁሉም በሚሊሜትር ናቸው።

ሁለቱን የፊት ቁጥሮች ይደምሩና ከፒዲዎ ጋር ያወዳድሩ። በሁለቱም ዓይን −6 የሆነና ፒዲው 62 የሆነ ሰው እንውሰድ። 54 18 የሆነውን ሰፊ ፍሬም ቢመርጥ ድምሩ 72 ነው፤ ከፒዲው በ10 ይበልጣል። ይህ ማለት የእያንዳንዱ ዓይን ብሌን ከፍሬሙ ቀለበት መሃል 5 ሚሜ ወደ አፍንጫ ገባ ብሎ ይቀመጣል። የሌንሱ ማዕከል ብሌኑ ፊት መዋል ስላለበት፣ ከማዕከሉ እስከ ውጭው ጠርዝ 27 የነበረው ርቀት 32 ሚሜ ይሆናል። የማይነስ ሌንስ መሃሉ ስስ፣ ጠርዙ ወፍራም ነው፤ ከማዕከሉ በራቅን ቁጥር ውፍረቱ በርቀቱ ልክ ሳይሆን በርቀቱ ካሬ ይጨምራል።

ሌንሱ የተሠራበት ቁስ ብርሃን የማጉበጥ አቅሙ እንደ 1.50 ወይም 1.67 ባለ ቁጥር ይገለጻል፤ ይህ ቁጥር ከፍ ሲል ሌንሱ ይሳሳል። በዚህ ሰፊ ፍሬም ላይ ተራው 1.50 ሌንስ ጠርዙ በግምት 8 ሚሜ ይደርሳል። ውዱ 1.67 ቢገባበት ወደ 6 ይወርዳል። አሁን ፍሬሙን ወደ 48 18 እንቀይረው። ድምሩ 66 ነው፤ ብሌኑ ከቀለበቱ መሃል የሚርቀው 2 ሚሜ ብቻ ይሆናል። ተራው 1.50 ሌንስ እዚህ ላይ ጠርዙ 6 ሚሜ ያህል ነው፤ ማለትም ፍሬሙን በማሳነስ ብቻ የውዱን ሌንስ ያህል ሳሳ። ውዱን ሌንስ ከትንሹ ፍሬም ጋር ያጣመረ ደግሞ እስከ 4.5 ገደማ ያወርደዋል።

ስለዚህ ቁጥሩ ከበድ ያለ ሰው የሁለቱ ቁጥሮች ድምር ከፒዲው ከ4 እስከ 6 ባልበለጠ ፍሬም ላይ ቢወሰን ጥሩ ነው። ክብ ወይም ሞላላ ቅርጽ ማዕዘን ካለው ይሻላል፤ ማዕዘኑ ከማዕከሉ ርቆ ስለሚሄድ እዚያ ላይ ሌንሱ ይወፍራል። ጠርዙ ወፈር ያለ የፕላስቲክ ፍሬም የሌንሱን ጠርዝ ይሸፍናል፤ ጠርዝ የሌለው ፍሬም ለ−6 አይመከርም።

ከዚያ አድርገው ይሞክሩት። ቀና ሲሉ፣ ሲያጎነብሱና ሲስቁ መንሸራተት የለበትም። የአፍንጫው ማረፊያ የሚስተካከል ከሆነ መነጽር ቤቱ ሊያጠብቀው ወይም ሊያላላው ይችላል፤ ከፕላስቲኩ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ካልገጠመ መፍትሔው ሌላ ፍሬም ነው። ዘመድ ከውጭ የላከው ፍሬም ሲሆን ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ያልፈዋል። ፍሬሙ ነጻ ስለመጣ ብቻ በማይሆን ስፋት ላይ ውድ ሌንስ መክፈል አያዋጣም።

3. ብዙ መነጽር የሚበላሽበት ቦታ

ሌንስ ከፋብሪካ የሚመጣው ክብ ሆኖ ነው። መነጽር ቤቶች መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጡት በአብዛኛው 65 ወይም 70 ሚሜ ስፋት ያለው ነው። በ54ቱ ፍሬም ምሳሌያችን ከማዕከሉ እስከ ውጭው ጠርዝ 32፣ ወደ ማዕዘኑ ደግሞ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ባለ 65ቱ ክብ ከማዕከሉ በየአቅጣጫው ያለው 32.5 ብቻ ስለሆነ ፍሬሙን አይሞላም። ትክክለኛው መፍትሔ ሰፋ ያለ ሌንስ ማዘዝ ወይም ደንበኛው ፍሬም እንዲቀይር መንገር ነው። ቸልተኛ ቤት ግን ማዕከሉን ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ ይቆርጠውና ፍሬሙን ይሞላዋል። ሲያዩት የሚያምር መነጽር ይወጣል፤ ብሌኑ ግን ማዕከሉ ላይ የለም።

ማዕከሉ ከብሌኑ ሲርቅ ሌንሱ እንደ ፕሪዝም ብርሃኑን ያጎብጣል። በ−6 ሌንስ ላይ የ3 ሚሜ ስሕተት በእያንዳንዱ ዓይን 1.8 ፕሪዝም ያመጣል፤ ሁለቱ ተደምረው 3.6 ይሆናሉ። ዓይኖቹ አንድ ምስል ለማየት ወደ ውጭ ለመለያየት ይታገላሉ፤ ውጤቱም ግንባር ላይ የሚከብድ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴም ምስል ሁለት መሆን ነው። ደንበኛው ሲመለስ «ይለመዳል» ይባላል። አዲስ አስቲግማቲዝም በእርግጥ ጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የተገፋ ማዕከል ግን መነጽሩ እንዲለመድ ሳይሆን እንደገና እንዲሠራ የሚጠየቅበት ነው።

4. ሽፋን፦ ለየትኛው ይከፈል?

ገንዘብ ለአንድ ሽፋን ብቻ ከበቃ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን አንቲ ሪፍሌክሽን ይምረጡ። ተራው 1.50 ሌንስ ያለ ሽፋን ከሁለቱ ገጾቹ 8 በመቶ ያህል ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል፤ 1.67 ደግሞ ወደ 12 በመቶ። ስስ ሌንስ ያለዚህ ሽፋን መግዛት ማታ ሲነዱ የመኪና መብራት እየተበተነ እንዲያስቸግርዎ መፍቀድ ነው። ሽፋኑ መኖሩን ለማወቅ የጣሪያ መብራት ሌንሱ ላይ ሲያርፍ ይመልከቱ፦ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከታየ አለ፤ ደማቅ ነጭ ከሆነ የለም። ይህ ሽፋን ሙቀት አይወድም፤ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተተወ መነጽር ሽፋኑ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል።

ሰማያዊ ብርሃን ይቀንሳል የሚባለው ብሉ ከት አሁን በየቤቱ የሚገፋ ሽፋን ነው። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2023 ያወጣው ግምገማ 17 ጥናቶችን መርምሮ፣ ከተራ ሌንስ ጋር ሲነጻጸር ኮምፒውተር ላይ የሚመጣውን የዓይን ድካም በአጭር ጊዜ እንደማይቀንስ ነው የደመደመው። ነጻ ከተሰጠ ይቀበሉት፤ ተጨማሪ ክፍያ ግን አይገባውም። ፖሊካርቦኔት ከተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራ ሌንስ በራሱ አልትራቫዮሌት ስለሚከለክል በላዩ ላይ «የዩቪ» ክፍያ ከተጠየቁ ይተዉት። ፖሊካርቦኔት እንደ ሌላው ቶሎ ስለማይሰበር ለልጆች ጥሩ ነው፤ በቀላሉ ስለሚጫር ግን የጭረት መከላከያ ሊኖረው ይገባል። ፀሐይ ላይ የሚጠቁረው ፎቶክሮማቲክ ውጭ ለሚውል ሰው ይጠቅማል፤ የመኪና የፊት መስታወት የሚያጠቁረውን ጨረር ስለሚያስቀር ግን ለሹፌር ያን ያህል አይደለም።

5. ቤቱን ሳይከፍሉ ይፈትኑት

የድሮ መነጽርዎን ሰጥተው ቁጥሩን በሌንስ ሜትር እንዲያነቡልዎ ይጠይቁ። መሣሪያው ከሌላቸው የሠሩትንም መነጽር የሚያረጋግጡበት የላቸውም ማለት ነው። ቀጥሎ ፒዲዎን ሲለኩ ይዩ፤ ለሁለቱ ዓይኖች ለየብቻ የሚለካ ቤት ጠንቃቃ ነው፤ በግምት «62 ይሆናል» የሚል ቤት ተዉት። ለሩቅም ለቅርብም የሚሆን ፕሮግሬሲቭ ሲያዝዙ ደግሞ ፍሬሙ ፊትዎ ላይ እያለ የብሌንዎ ቦታ በእስክሪብቶ ሌንሱ ላይ ምልክት ሊደረግበት ይገባል። ይህን ሳያደርግ የሚያዝዝ ቤት ገንዘብዎን ያባክናል።

ሌንሱ ከመቆረጡ በፊት የመጣበትን ወረቀት ፖስታ ለማየት ይጠይቁ። ቁጥሩ፣ 1.50 ወይም 1.67 መሆኑ፣ ሽፋኑና የክቡ ስፋት በላዩ ላይ ተጽፈዋል። ደረሰኝዎ ላይም ያው ይጻፍ፤ «ስስ ሌንስ» የሚል ደረሰኝ ለክርክር አይበቃም።

6. ሲረከቡ

የሚታጠብ ማርከርና ማስመሪያ ይዘው ይሂዱ። መነጽሩን ከፊትዎ በክንድ ርቀት ይዘው ቀጥ ያለ የበር ጠርዝ በአንዱ ሌንስ ውስጥ ይመልከቱ። ሌንሱ ውስጥ ያለው መስመር ከላይና ከታች ከሚታየው ጋር ካልገጠመ መነጽሩን ወደ ጎን ያንቀሳቅሱት፤ ሲገጥም እዚያ ላይ ምልክት ያድርጉ። አስቲግማቲዝም ካለ መስመሩ ዘንበል ሊል ስለሚችል ቀጥ ያለውንና አግዳሚውን አንድ ላይ፣ ለምሳሌ የመስኮት መስቀለኛ፣ ይጠቀሙ። በሁለተኛውም ይድገሙት፤ በሁለቱ ምልክቶች መሃል ያለውን ርቀት ይለኩ። ከፒዲዎ ጋር በ2 ሚሜ ውስጥ ከሆነ ይረከቡ። በምሳሌያችን 62 መሆን ሲገባው 67 ወይም 68 ካገኙ፣ ማርከሩን ሳያጠፉ ለባለሙያው ያሳዩና በሌንስ ሜትር ማዕከሉን እዚያው እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ።