የነርስ ቅጥር ቪዲዮ ስክሪፕት ሲጻፍ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የነርሲንግ ተመራቂ እንደ ማንኛውም ተመልካች አይደለም። አራት ዓመት ተምሯል፤ በተግባር ልምምድ ከዋርድ ዋርድ ተዘዋውሯል፤ ከተረኛ ነርሶች ጋር ሌሊት አድሯል። ስለዚህ ድሬዳዋ ውስጥ ያለ አንድ ሆስፒታል «ኑና አብራችሁን ሥሩ» የሚል የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ሲያዘጋጅ፣ ብዙ ጊዜ ተመልካቹ ስለ ሥራው ከስክሪፕት ጸሐፊው የተሻለ ያውቃል። አንዲት የተሳሳተች ምስል ካየ ስለ ደመወዙም፣ ስለ መኖሪያ ቤቱም፣ ስለ አለቆቹም የሚነገረውን አያምንም።

ነገሩ በጥቅሉ እንዳይቀር አንድ ስክሪፕት እናስብ። ቦታው የሕፃናት ሕክምና ነው፤ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ያለባቸውና ተጓዳኝ ሕመም የጸናባቸው ሕፃናት የሚተኙበት የማረጋጊያ ክፍል። ጊዜው ሌሊት ነው። እዚያ የነርሷ ሥራ በሰዓት የተቆረጠ ስለሆነ እውነቱም ውሸቱም ቶሎ ይለያል።

ከሕንፃውና ከኃላፊው መጀመር

ድሮን ከደቻቱ በላይ ይነሣል፤ የከዚራን ዛፎች ያሳያል፤ የሆስፒታሉ በር ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ኃላፊው ቢሮአቸው ተቀምጠው ሆስፒታሉ የተመሠረተበትን ዘመን ይናገራሉ። ተመራቂው እስከዚህ አይጠብቅም። የመጀመሪያው ትዕይንት የማታ ርክክብ ይሁን፦ ወጪዋና ገቢዋ ነርስ ከአልጋ አልጋ እየሄዱ፣ አንዷ ስትናገር ሌላዋ ካርዱን ስታይ። ኃላፊው የግድ መናገር ካለባቸው መጨረሻ ላይ ሃያ ሰከንድ ይበቃቸዋል፤ እሳቸውም ቢሆኑ ማስታወቂያው ሰው እንዲያመጣ እንጂ ሕንፃ እንዲያስመርቅ አይፈልጉም።

«ሥራው ፈታኝ ቢሆንም አርኪ ነው»

ይህች ዓረፍተ ነገር ያልገባችበት የቅጥር ቪዲዮ ማግኘት ያስቸግራል። ሐቀኛ የምትመስለው «ፈታኝ» የሚል ቃል ስላለባት ነው፤ ግን ምን እንደሚፈትን አትናገርም። ስለዚህ በሷ ፈንታ ሌሊቱን ራሱን መጻፍ ነው።

በማረጋጊያ ክፍል የሚሰጠው የመጀመሪያው ወተት ኤፍ 75 ይባላል። በሦስት ሰዓት ልዩነት ሲታዘዝ በቀንና በሌሊት ስምንት ጊዜ ይሰጣል፤ ከእነዚህም አራቱ በሌሊቱ ተረኛ ላይ ይወድቃሉ እንበል፦ ማታ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት፣ ሌሊት ዘጠኝ፣ ንጋት አሥራ ሁለት። እብጠት ለሌለበት ሕፃን መጠኑ በኪሎ 130 ሚሊ ሊትር በቀን ነው። ስድስት ኪሎ የምትመዝን ልጅ ቀኑን ሙሉ 780 ታገኛለች ማለት ነው፤ ለስምንት ሲካፈል በአንድ ጊዜ መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሳታል። የሚሰጠው በኩባያ ነው እንጂ በጡጦ አይደለም። ነርሷ የሰጠችውን ብቻ ሳይሆን ልጅቷ የተወችውንና ያስመለሰችውን ጭምር ትመዘግባለች፤ ምክንያቱም ልጅቷ በአፏ በቂ ካልወሰደች ወተቱ በአፍንጫ ቱቦ እንዲሰጣት ይወሰናል።

ይህን ሁሉ ተራኪ ካነበበው ንግግር ይሆናል። በስክሪፕት ግን እንዲህ ይጻፋል፦

ምስል፦ የግድግዳ ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት ሌሊት። የነርሷ እጅ ኩባያውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ የቀረውን ወተት ይለካል። ብዕር። ካርድ።

ድምፅ (ነርሷ ለባልደረባዋ)፦ «የሦስት ሰዓቱን ጨርሳዋለች። የአሁኑን ግን ግማሹን ተወችው። ዘጠኝ ላይም እንዲሁ ከሆነ ቱቦ እናስገባለን።»

እዚህ ላይ «ፈታኝ» የሚል ቃል የለም። ተመራቂው ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ እንደሌለ፣ የሚወሰን ነገር እንዳለ፣ ውሳኔውም የሚመሠረተው እሱ በሚጽፈው ቁጥር ላይ እንደሆነ ገብቶታል። «አርኪ ነው» የምትለዋም ብትቀር ምንም አይጎድልም፤ ንጋት ላይ ባዶ ኩባያ ማሳየት ይቻላል።

አንድ የድሬዳዋ ጉዳይ ደግሞ እዚሁ ይገባል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት እናት ልጇን አራቁታ ፊት ለፊቷ ማራገቢያ ብታቆም ማንም አይፈርድባትም። ይሁን እንጂ ክፉኛ የከሳ ሕፃን የሰውነቱን ሙቀት መያዝ ይሳነዋል፤ በተለይ ሌሊት፣ በተለይ እርጥብ ሆኖ ነፋስ ሲነካው። ነርሷ ማራገቢያውን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ቴርሞሜትር ብብቱ ሥር አድርጋ፣ ለእናትየዋ ምክንያቱን ስትነግር ማሳየት ከማንኛውም የከተማ ምስል በላይ ቪዲዮውን የድሬዳዋ ያደርገዋል። ልጁም በሌላ በኩል ከልክ በላይ እንዳይሞቅ ማየት ስላለባት ሥራው አንድ ጊዜ ሸፍኖ መሄድ እንዳልሆነ ይታያል።

ለድምቀት ሲባል የተሳሳተ ሕክምና ማሳየት

ከሁሉም ስህተት ይህን አጥብቄ እጠላዋለሁ፤ የሆስፒታሉን ስም በባለሙያዎች ፊት ስለሚያወርድ። ዳይሬክተሩ «የሆነ እንቅስቃሴ ያስፈልገናል» ይላል። ጸሐፊው ነርሷ እየሮጠች መጥታ ለከሳችው ልጅ ግሉኮስ ስትሰቅል ይጽፋል። ሙዚቃው ከፍ ይላል። ዕቅዱ ይህ ነው፤ ተመራቂው ግን ይስቃል ወይም ይደነግጣል። ከፍተኛ የምግብ እጥረት ባለበት ሕፃን ልብና ኩላሊት ደክመው ስለሚሠሩ፣ በደም ሥር የሚገባ ብዙ ፈሳሽ ልቡን ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ የደም ዝውውሩ ተዳክሞ ሾክ ውስጥ ካልገባ በስተቀር ፈሳሽ በደም ሥር አይሰጥም፤ ተቅማጥ ያደረቀው ሕፃን እንኳን ለሱ ተብሎ የተዘጋጀውን ሪሶማል የሚባል ፈሳሽ በአፉ ወይም በቱቦ በዝግታ ያገኛል። ሪሶማል ሲሰጥ ደግሞ ነርሷ የትንፋሹንና የልቡን ምት ደጋግማ ትቆጥራለች፤ ሁለቱ አብረው እየጨመሩ ከሄዱ ፈሳሹ እንደበዛ ጠርጥራ ታቆማለች፤ ሐኪምም ትጠራለች።

እንቅስቃሴ ከተፈለገ ይህ ቆጠራ ከሩጫው የበለጠ ልብ ይሰቅላል። ትንፋሽ የሚቆጠረው አንድ ሙሉ ደቂቃ ነው። ቪዲዮው ደቂቃ የለውም፤ ስለዚህ የቆጠራውን መጀመሪያ ማሳየት፣ ድምፁን ማጥፋት፣ ከዚያ ቁጥሩ ሲጻፍ ማሳየት ይበቃል። ነርሷ ሁለት ሰከንድ ደረት አይታ ቁጥር ስትጽፍ ካሳየን ግን ተመራቂው ያንን ሆስፒታል «ቁጥር የሚፈጠርበት ቤት» ብሎ ይይዘዋል።

እንዲህ ዓይነቱን ስህተት የሚይዘው ቀላል ልማድ ነው፦ ስክሪፕቱ በቀረጻው ዋዜማ ሳይሆን ገና በረቂቁ ለዋርዱ ኃላፊ ነርስ ይሰጥ። ጓንት መቼ እንደሚደረግ፣ እጅ መቼ እንደሚታጠብ፣ መርፌው የት እንደሚጣል እሷ በየትዕይንቱ ጎን ትጽፍበታለች። ለጸሐፊው ጥቃቅን የሚመስሉት እነዚህ ነገሮች ለተመልካቹ የዋርዱ መለያ ናቸው።

ታካሚን እንደ ማስጌጫ መጠቀም

ሐቀኛ እንሁን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የልጁን የገጠጠ የጎድን አጥንት ማሳየት ነው። አይሆንም። እናትየዋ «እሺ» ብትልም፣ እሺ ያለችው ልጇን በሦስት ሰዓት ልዩነት ለምትመግበው ሰው ነው፤ እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብዳት መገመት አያስቸግርም። የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የተለየ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነው፤ ያለ አዋጅም ቢሆን ነርሶች ምስጢር ለመጠበቅ ቃል የገቡ ሰዎች ናቸው።

ሌሊቱን በኩባያው፣ በሚዛኑ፣ በነርሷ ፊትና በእናት ጀርባ መናገር ይቻላል። የአልጋ ትዕይንቱን ታካሚ በሌለበት ክፍል፣ በባዶ ካርድ፣ ሠራተኛዋ እንደ እናት ሆና መቅረጽ ይሻላል፤ ትዕይንቱ የተተወነ መሆኑም በማያ ገጹ ግርጌ ይጻፍ። የሚረሳው ከኋላ ያለው ነገር ነው፦ የአልጋ ቁጥርና ስም የተጻፈበት ሰሌዳ፣ የተከፈተ መዝገብ፣ ካርድ ክፍል ፊት ለፊት የተሰለፉ ሰዎች።

ሁሉም ሰው አማርኛ የሚናገርበት ዋርድ

በድሬዳዋ ዋርድ እናት ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ብቻ ልትናገር ትችላለች። ከጎንደር ወይም ከሐዋሳ የሚመጣ ተመራቂ የሚሰጋው ይህንን ነው፤ ቪዲዮው ሁሉንም በአማርኛ ካናገረ የሰጋበትን ጥያቄ ዘለለው ማለት ነው። አንድ ትዕይንት በኦሮምኛ ይሁን፣ ከሥሩ ጽሑፍ ይኑረው። ከዚያ ቋንቋውን ሳትችል የመጣች ነርስ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዴት እንደሠራች ራሷ ትናገር፦ ማን እንዳስተረጎመላት፣ የትኞቹን ጥያቄዎች አስቀድማ እንደለመደች፣ አሁንም የሚያቅታት ምን እንደሆነ። ቃሏን ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብሎ መጻፍ አያስፈልግም፤ አነጋግሮ፣ ቀርጾ፣ ከተናገረችው መምረጥ ነው። ወንድ ነርሶችንም ብትጠይቁ ታካሚው ሁሉ «ዶክተር» እያለ እንደሚጠራቸውና በየአልጋው ማስተካከል እንደሚታክታቸው ይነግሯችኋል። ይህን የሚፈጥር ጸሐፊ የለም፤ ተመራቂው ግን ወዲያው ያውቀዋል።

ያልተያዘ ተስፋ መስጠት

«ማራኪ ጥቅማጥቅም» ከማለት ዝም ማለት ይሻላል። የመንግሥት ሆስፒታል ከሆነ ደመወዙ በመንግሥት ስኬል የተወሰነ ነው፤ ቅጥሩም በማስታወቂያና በውድድር ስለሚሄድ ቪዲዮው ለማንም ቦታ ሊሰጥ አይችልም። የመጨረሻው ገጽ የሚያስፈልገው አራት ነገር ነው፦ 0 ዓመት የሥራ ልምድ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም፣ የሙያ ፈቃድ ለምዝገባ ነው ወይስ ለሥራ መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ መኖሪያ ቤት አለ ወይስ የለም፣ በወር በአማካይ ስንት ሌሊት ተረኝነት ይደርሳል። የመጨረሻውን ቁጥር ከሰው ሀብት ክፍል ሳይሆን በዋርዱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የተረኝነት ፕሮግራም ውሰዱ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚዘገይ ከሆነም ስለ ክፍያው ፍጥነት የሚያወራ መስመር አይኑር።

ስክሪፕቱ ሲያልቅ ባለፈው ዓመት ለተቀጠሩ ሁለት ነርሶች፣ ኃላፊ በሌለበት፣ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። የሚያስቃቸውን መስመር ሁሉ እንዲሰርዙ እርሳስ ስጧቸው።