ስብ ልቀንስ ብሎ ጡንቻን መጣል፦ በካሎሪ ጉድለት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ዐቢይ ጾም ሲገባ ጂም ውስጥ አንድ ጥያቄ ይበዛል። «ኮች፣ ሰርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው። 10 ኪሎ መቀነስ አለብኝ።» ጥያቄው ምንም ክፋት የለውም። የሚያሳስበኝ ከጥያቄው ቀጥሎ የሚመጣው ስሌት ነው።

የካሎሪ ጉድለት ማለት ሰውነታችሁ በቀን ከሚያወጣው ያነሰ መብላት ነው። የጎደለውን ሰውነት ከራሱ ያሟላል። ከስብ ያሟላል ወይስ ከጡንቻ የሚለውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የጉድለቱ መጠን ነው። ብዙ ሰው «ካሎሪ ቀንስ» የሚለውን ሰምቷል። ምን ያህል የሚለውን ግን ማንም አልነገረውም።

ጉድለቱን በሰርግ ቀን መወሰን

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ ይኼ ነው። ሰዎች ቀኑን ያዩና ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። ስምንት ሳምንት አለኝ፣ 10 ኪሎ እፈልጋለሁ፣ በቃ ይካፈል። ሰውነታቸው ምን ያህል ስብ እንደያዘ ግን ማንም አይጠይቅም።

አንድ ሙሽራ ነበር። 84 ኪሎ ይመዝናል፤ ቦርጭ ጀምሮታል እንጂ ወፍራም የሚባል አይደለም። ክብደቱን ሳይለውጥ ለመቆየት በቀን 2,500 ካሎሪ ገደማ ይበቃው ነበር። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ አካባቢ ይይዛል። ስለዚህ 10 ኪሎ ስብ በስምንት ሳምንት ለማውጣት በየቀኑ ወደ 1,400 ካሎሪ ማጉደል ሊኖርበት ነው። የሚቀርለት 1,100 ነው። ይህ ለዚያ ቁመና፣ ብረት ለሚያነሳ ሰው፣ የሕፃን ምግብ ነው።

በመቶኛ ስናየው ደግሞ በሳምንት የክብደቱን 1.5 በመቶ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ላይ የተሠራ አንድ ጥሩ ጥናት አለ። በ2011 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ነው። የተሳተፉት ስፖርተኞች ናቸው፤ በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በሳምንት 0.7 በመቶ፣ ሌላው 1.4 በመቶ እንዲቀንስ ታቀደ። ሁለቱም በመጨረሻ የቀነሱት ክብደት ተመሳሳይ ነው፤ ዝግተኛው ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደ እንጂ። ሁለቱም በሳምንት አራት ቀን ብረት ያነሱ ነበር። ዝግተኞቹ ከስባቸው 31 በመቶ ሲያወጡ ስብ ያልሆነው አካላቸው በ2 በመቶ ጨመረ። ፈጣኖቹ ያወጡት ስብ 21 በመቶ ነው፤ ጡንቻቸው ደግሞ ባለበት ቀረ። እነዚህ እንግዲህ የምግብ ባለሙያ እየተከታተላቸው፣ ፕሮቲናቸው ሳይጓደል የሠለጠኑ ስፖርተኞች ናቸው። የእኛ ሙሽራ ግን ቀኑን ሙሉ ጾሞ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጊዜ እንጀራ በሽሮ የሚበላ ሰው ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት «ይብቃህ» ብዬው ነበር። ሚዛኑ እየወረደለት ስለሆነ አልሰማኝም። የመጀመሪያውን ሳምንት ተዉት፤ እሱ በአብዛኛው ውሃ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ሳምንታት 6.5 ኪሎ ወረደ። ተደሰተ። እኔ ግን ቁጥሩን ሳየው ደነገጥኩ። ለምን? በቀን 1,200 አጉድሏል ብንል በ28 ቀን 33,600 ካሎሪ ነው። ሁሉም ከስብ ቢወጣ 4.4 ኪሎ ብቻ ነበር መውረድ ያለበት። የቀረው 2 ኪሎ ከየት መጣ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡንቻ በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ በኪሎ የሚይዘው ጉልበት ከስብ በጣም ያነሰ ነው፤ 1,800 ካሎሪ እንኳ አይበልጥም። ስለዚህ ሰውነት ከጡንቻ ሲያሟላ ተመሳሳይ ካሎሪ ለማግኘት ብዙ ኪሎ ይጥላል። ስሌቱን ስሠራው ከ6.5 ኪሎ ውስጥ 3.7 ገደማ ስብ፣ የቀረው 2.8 ገደማ ስብ ያልሆነ አካልና ውሃ ነው። ግምት ነው፤ ነገር ግን ቤንቹም ያንኑ ይናገር ነበር። 80 ኪሎ የሚገፋው ልጅ 65 ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ደረቱና ትከሻው ሲሳሳ ቦርጩ ግን እንዳለ ነው። ሚዛን ከስሌቱ በላይ ሲፈጥን ደስ አይበላችሁ፤ ጠይቁ።

ታዲያ ምን ያህል ይበቃል? እኔ የምነሳው ከሳምንት 0.5 እስከ 1 በመቶ ነው። ስብ የበዛበት ወደ 1 በመቶ ሊጠጋ ይችላል። ቀጠን ያለው ወደ 0.5 ይውረድ። ምክንያቱም ሰውነት በአንድ ቀን ከስብ ሊያወጣ የሚችለው ጉልበት በያዘው ስብ ልክ ነው። ክምችቱ ሲያንስ የሚያወጣውም ያንሳል፤ ቀሪውን ከሌላ ቦታ ይፈልጋል። ለሙሽራው 550 ካሎሪ ማጉደል ይበቃው ነበር። በስምንት ሳምንት 4 ኪሎ ስብ ነው። 4 ኪሎ ስብ ከወገብ ሲወጣ ሱፉ ላይ በደንብ ይታያል፤ ትከሻውም ሱፉን ይሞላዋል።

ፈጣን ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ በተደረገ አንድ ጥናት ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው ወፍራም ሰዎች ለወራት በቀን ወደ 850 ካሎሪ በሚሆን ፈሳሽ ምግብ ተይዘው፣ ከዓመት በኋላ ግማሽ የሚጠጉት ያለ ስኳር መድኃኒት ስኳራቸው ወደ ልኩ ተመልሷል። ነገር ግን ብዙ ስብ የያዙ ናቸው፤ የጤና ባለሙያም ከአጠገባቸው ነበር። 130 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የሚሆነው ለ84 ኪሎው አይሆንም።

በመጀመሪያው ሳምንት መስከር፣ በሁለተኛው መደንገጥ

ምግብ ስትቀንሱ ጡንቻና ጉበት ውስጥ ግላይኮጅን ሆኖ የተከማቸው ስኳር ይወርዳል። አንድ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ጨውም ያንሳል፣ አንጀት ውስጥ ያለውም ምግብ ያንሳል። 2 ኪሎ በአንድ ሳምንት መውረዱ ለዚህ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግማሽ ኪሎ ሲሆን «ቆመብኝ» ብለው ምግቡን እንደገና ይቆርጣሉ። አልቆመም፤ እውነተኛው ፍጥነት እሱ ነው። ከልክ ያለፈ ጉድለት ውስጥ ከሚገቡት ሰዎች ብዙዎቹ አስበውበት አይደለም፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቆረጡ ነው የሚገቡት።

ጠዋት ጠዋት ተመዘኑና የሳምንቱን አማካይ ያዙ። ሴቶች ደግሞ ከወር አበባ በፊት ውሃ ስለሚይዙ፣ ይህን ሳምንት ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያስተያዩት። ከሦስት ሳምንት በፊት ምንም አትቀይሩ።

ጾም ላይ ፕሮቲንን በሽሮ መቁጠር

«ሽሮ በልቻለሁ፣ ፕሮቲን ነው» ይሉኛል። ትክክል ነው፣ ግን ስንት? ቀጠን ያለ ወጥ ውስጥ ለአንድ ሰው የሚደርሰው የሽሮ ዱቄት 35 ግራም ቢሆን ነው። ከዚያ የሚገኘው ፕሮቲን 7 ግራም አካባቢ ነው። ብረት እያነሳ ክብደት ለሚቀንስ ሰው የምፈልገው በኪሎ 1.6 ግራም ነው፤ ለ84 ኪሎ 134 ይሆናል። በጾም እዚያ መድረስ ከባድ ነው። ግን መጠጋት ይቻላል።

የምሰጠው ቀን ይህን ይመስላል። 100 ግራም ደረቅ የሶያ ሥጋ በቀይ ሽንኩርትና በቲማቲም ተሠርቶ 50 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። በደረቁ 200 ግራም የሚመዘን ምስር፣ ሽምብራ ወይም ባቄላ፣ ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ 45 ይጨምራል። ከእንጀራው 20 ገደማ ይገኛል። ድምሩ 115 ነው፤ በኪሎ 1.4 ገደማ። ዘይቱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ ከሆነ ጠቅላላው 2,000 ካሎሪ አካባቢ ያርፋል። ያ ማለት ሙሽራው በ500 ጉድለት እንዲህ መብላት ይችል ነበር። በ1,100 ካሎሪ ግን ይህ ምግብ አይገባም። ትልቅ ጉድለት ጡንቻን የሚጎዳበት አንዱ መንገድ ይኼው ነው፤ ለፕሮቲን ቦታ አይተርፍም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ብረቱን ከምግብ በኋላ ያንሳ። በባዶ ሆድ ከሰዓት በፊት የሚደረገው ልምምድ እየደከመ ሲሄድ እያየሁ ነው።

ብረቱን አቅልሎ «ማቅጠኛ» መሥራት

ክብደት መቀነስ የጀመረ ሰው ወዲያው ትንሿን ዳምቤል ይዞ 30 ጊዜ ያወዛውዛል። ቀሪውን ሰዓት ትሬድሚል ላይ ነው። እባካችሁ! ሰውነት ጡንቻን የሚያቆየው ከባድ ነገር እንዲያነሳ ስለሚጠየቅ ነው። ስኳት 70 ኪሎ ስትሠሩ ከነበረ 70ን ጠብቁ። ድካም ከመጣ የዙሩን ብዛት ቀንሱ፤ አምስቱን ወደ ሦስት አውርዱት። ኪሎውን ግን አትንኩ።

ይህ ጉድለቱ በዝቶ እንደሆነም ይነግራችኋል። ዋና ዋና ልምምዶች ላይ ጉልበታችሁ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከወረደ፣ እንቅልፋችሁም ደህና ከሆነ፣ በቀን 200 ካሎሪ ጨምሩና ለሁለት ሳምንት እዩት።

በላስቲክ ተጠቅልሎ መሮጥ

ላብ ነው። ውሃ ስትጠጡ ይመለሳል።

ከልክ በላይ ማነስም አለ

በቀን 100 ካሎሪ ብቻ የሚያጎድሉ ጥንቁቆችም አሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ወጡ ላይ እጃችሁ ትንሽ ከረዘመ ጉድለቱ የለም። ከ300 በታች ስትወርዱ መለካቱ ራሱ አይችለውም።

ምልክቱን እንደ ጀግንነት ማየት

ሁልጊዜ መብረድ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ደረጃ ሲወጡ እግር መክበድ፣ የወር አበባ መቅረት። እነዚህ «እየሠራ ነው» ማለት አይደሉም። የወር አበባ ከቀረ ጉድለቱ ይቁም፤ ሐኪምም ይታይ። ፀጉር ደግሞ የሚረግፈው ዘግይቶ፣ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ብዙ ሙሽሮች ሻምፖ ሲቀያይሩ የሚከርሙት ምክንያቱን ከዚያ ጾምና ሩጫ ጋር ስለማያያይዙት ነው።

አንዱ ምልክት ለፋሲካ ይመጣል። በሳምንት ከ1.5 ኪሎ በላይ ለሳምንታት የቀነሰ ሰው የሐሞት ጠጠር የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። ስብ ሳይበላ ሲቆይ የሐሞት ከረጢት አይጨመቅም። ከዚያ በአንድ ሌሊት ዶሮ ወጥና ክትፎ ይመጣል፤ ከረጢቱ ይጨመቃል፤ ጠጠር ካለ ያኔ ያማል። ከቀኝ ጎድን በታች ጀምሮ ወደ ጀርባ ወይም ወደ ቀኝ ትከሻ የሚሄድ፣ ሰዓታት የሚቆይ ሕመም ከተሰማችሁ «በልቼ ነው» ብላችሁ አትተኙ። ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫነት ከተጨመረ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ሂዱ።

ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የምትወስዱ፣ እርጉዞችና የምታጠቡ፣ ካሎሪ መቁረጥ ከመጀመራችሁ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግቡ ብቻ ሲቀንስ ስኳር በጣም ሊወርድ ይችላል።