ወረፋ ላይ የቆየውን ሥራ ዕድሜ ስንለካ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ የክፍያ ሲስተም እንውሰድ። ደንበኛው ሲከፍል የማረጋገጫ ኤስኤምኤሱ እዚያው አይላክም። ሥራው ዳታቤዝ ውስጥ ባለ ወረፋ ላይ ይቀመጣል፣ ከጀርባ ያሉት ዎርከሮች በተራ እያነሱ ይልኩታል። ዳሽቦርዱ ላይ «አማካይ የጥበቃ ጊዜ፦ 2 ሰከንድ» ይላል። ሁሉም ሰላም ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንዱ ሰርቨር ሪስታርት ሆነ እንበል። እዚያ ላይ የነበረው ዎርከር 5 ሥራ አንስቶ ነበር፣ ሳይጨርስ ሞተ። ሥራዎቹ «በመሠራት ላይ» የሚል ምልክት እንደተለጠፈባቸው ቀሩ። የሚሠራቸው የለም፣ የሚመልሳቸውም የለም። ሌሎቹ ዎርከሮች እስከ 6 ሰዓት ድረስ 10,000 ኤስኤምኤስ ላኩ፣ እያንዳንዱም 2 ሰከንድ ገደማ ነው የጠበቀው። አምስቱ ደንበኞች ግን 3 ሰዓት ሙሉ ስልካቸውን እያዩ ነው። ይህን ሊያሳየን የሚችለው የዕድሜ ልኬት ነው፦ ካላለቁት ሥራዎች ውስጥ ከሁሉ የቆየው ስንት ጊዜ እንደጠበቀ። ቀጥሎ ያሉትን ስህተቶች በዚህ ምሳሌ እንያቸው።

ያለቀውን ሥራ ብቻ መቁጠር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አብዛኛው ሲስተም የጥበቃ ጊዜን የሚመዘግበው ሥራው ሲነሳ ወይም ሲያልቅ ነው። ተነስቶ ያላለቀ ሥራ የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ አይመዘገብም። ባንክ በር ላይ ቆሞ የሚወጡትን ሰዎች «ስንት ደቂቃ ጠበቃችሁ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው፤ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ማንም አልጠየቀውም። በምሳሌያችን የተጣበቁት አምስቱ የጠበቁት 3 ሰዓት አማካዩ ውስጥ የለም። ስለዚህ አማካዩ 2 ሰከንድ ላይ እንዳለ ነው።

«እሺ፣ እነሱንም እንጨምርና አማካይ እናውጣ» የሚል ይኖራል። እናስላው። 10,000 ሥራ በ2 ሰከንድ፣ 20,000 ሰከንድ ነው። አምስቱ እያንዳንዳቸው 10,800 ሰከንድ ጠብቀዋል፣ 54,000 ይሆናል። ድምሩን ለ10,005 ስናካፍለው 7.4 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። 7 ሰከንድ አይቶ ከወንበሩ የሚነሳ ሰው አላውቅም። በዚያው ቅጽበት ከሁሉ የቆየው ሥራ ዕድሜ 3 ሰዓት ነው፣ ማብራሪያም አያስፈልገውም።

የወረፋውን ርዝመት ማመን

ርዝመት ብቻውን ምንም አይናገርም። 5,000 ሥራ ቢጠብቅና ዎርከሮቹ በሰከንድ 500 ቢጨርሱ፣ የመጨረሻው ሰው የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ነው። በእኛ ምሳሌ ግን የወረፋው ርዝመት ዜሮ ነው፣ ምክንያቱም አምስቱ ሥራዎች «ተነስተዋል»። ዜሮ ሆኖ ችግር አለ።

ዕድሜን ከተሳሳተ ሰዓት መቁጠር

ዕድሜውን መለካት የጀመሩም እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ብዙ ሲስተም ሥራው ሳይሳካ ቀርቶ እንደገና ሲሞከር የመሞከሪያ ሰዓቱን ወደፊት ይገፋዋል። ከዚያ ሰዓት ከቆጠርን፣ ለ20ኛ ጊዜ የሚሞከረው ሥራ ሁሌም አዲስ ይመስላል። በተቃራኒው ለነገ የተቀጠረን ማስታወሻ ከተፈጠረበት ሰዓት ከቆጠርን፣ ጊዜው ያልደረሰ ሥራ በከንቱ ያስጮኸናል። መፍትሔው ሥራው መጀመሪያ መሠራት የነበረበትን ሰዓት በራሱ ኮለም መያዝና ጨርሶ አለመንካት ነው። ፖስትግሬስ ላይ እንዲህ ይጠየቃል፦

```sql
SELECT COALESCE(
  EXTRACT(EPOCH FROM now() - MIN(first_due_at)), 0)
FROM jobs
WHERE finished_at IS NULL
  AND failed_at IS NULL
  AND first_due_at <= now();
```

ጥያቄው «የሚጠብቁትን» ሳይሆን «ያላለቁትን» ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የሞተው ዎርከር ይዟቸው የቀረው አምስቱም ይቆጠራሉ። ሰዓቱም የዳታቤዙ ነው፤ የየሰርቨሩን ሰዓት ብንጠቀም አንዱ ወደኋላ ሲቀር ቁጥሩ ይዛባል። `COALESCE` የገባው ወረፋው ባዶ ሲሆን `MIN` ባዶ ዋጋ ስለሚመልስ ነው። ያ ባዶ ዋጋ ዳሽቦርዱ ላይ «መረጃ የለም» ይሆንና ልኬቱ ከተቋረጠበት ጊዜ ጋር ይምታታል።

ልኬቱን ለዎርከሩ መስጠት

ይህን ጥያቄ ዎርከሩ ራሱ በየደቂቃው የሚያስኬደው ከሆነ፣ ዎርከሩ ሲሞት ልኬቱም አብሮ ይሞታል። ግራፉ ይቆማል፣ ማንቂያውም ዝም ይላል። ከዎርከሮቹ ውጪ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ይለካ፤ ለ5 ደቂቃ ቁጥር ካልመጣ ያም ራሱ ማንቂያ ይሁን።

ቁጥሩን ብቻ አይቶ አካሄዱን አለማየት

እኔ ይህን ልኬት የምወደው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ግራፉ የሚወጣበት ፍጥነት ምን እንደተበላሸ ይጠቁማል። ሥራዎች በተራቸው የሚወጡ ከሆነና ዕድሜው በየደቂቃው በ60 ሰከንድ ካደገ፣ ፊት ያለው ሥራ አልተነቃነቀም ማለት ነው። በየደቂቃው በ30 ሰከንድ ካደገ ግን ዎርከሮቹ እየሠሩ ነው፣ ነገር ግን የሚጨርሱት ከሚመጣው ግማሹን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሲሆን የተበላሸ ነገር እንፈልጋለን፤ ሁለተኛው ሲሆን ዎርከር እንጨምራለን።

አንድ ማሳሰቢያ፦ 60 ሰከንድ በደቂቃ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ሁሉም ቆሟል፣ ወይ አንድ ሥራ ብቻ ተጣብቆ ሌሎቹ እያለፉት ነው። ለመለየት ባለፈው ደቂቃ ስንት ሥራ እንዳለቀ ማየት ይበቃል። ዜሮ ከሆነ ሁሉም ቆሟል።

አንድ ብልሹ ሥራ ማንቂያውን እንዲያሰለች መተው

የስልክ ቁጥሩ የተሳሳተ ኤስኤምኤስ መቼም አይሳካም። ያለ ገደብ ከተሞከረ ዕድሜው ሌት ተቀን ያድጋል፣ ማንቂያው ይጮሃል፣ በሦስተኛው ቀን ሰው ድምፁን ያጠፋዋል። ከዚያ እውነተኛው ችግር ሲመጣ የሚሰማ የለም። ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ሥራው ወደ «ያልተሳኩ» ይዛወር፤ ከላይ ያለው `failed_at` ለዚህ ነው። ያልተሳኩትን ደግሞ ለብቻ እንቁጠራቸው፣ አለበለዚያ ችግሩን ምንጣፍ ሥር መጥረግ ይሆናል።

የአማዞንን ኤስኪውኤስ የምትጠቀሙ `ApproximateAgeOfOldestMessage` የሚባል ልኬት ዝግጁ ሆኖ ታገኛላችሁ። ነገር ግን 3 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ተነስቶ ያልተሠራን መልእክት ትቶ የሚቀጥለውን ትልቅ ዕድሜ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር አይታችሁ «የተጣበቀ የለም» አትበሉ። ግራፉንም `Maximum` ላይ አድርጉት፤ `Average` ላይ ከተዋችሁት አማካዩን በጓሮ በር መልሳችሁ አስገባችሁት። ኤስኪውኤስ መልእክትን ካልቀየራችሁት ለ4 ቀን ብቻ ነው የሚያስቀምጠው፣ ከዚያ ያጠፋዋል። ስለዚህ ዕድሜው በድንገት ወርዶ ካያችሁ ሥራው አልቆ ነው ወይስ ጊዜው አልፎበት ጠፍቶ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ለሁሉም ወረፋ አንድ ገደብ

የይለፍ ኮድ ኤስኤምኤስ 30 ሰከንድ ከዘገየ ደንበኛው ሄዷል። የወር መጨረሻ ሪፖርት 2 ሰዓት ቢጠብቅ ማንም አይጎዳም። ሁለቱ አንድ ወረፋ ላይ ካሉ የትኛውም ገደብ ስህተት ነው። ወይ ወረፋውን እንለይ፣ ወይ ጥያቄውን በሥራው ዓይነት እንከፋፍል።

ይህ ልኬት የማይነግረን ነገርም አለ። 3 ሰዓት የጠበቀው አንድ ሰው ይሁን አንድ ሺህ፣ ቁጥሩ ያው ነው። ስለዚህ ከጎኑ ገደባቸውን ያለፉትን ሥራዎች ብዛት አስቀምጡ፤ በዚያው ጥያቄ የ`COALESCE`ን ክፍል በሙሉ በ`COUNT(*)` ተክቶ የሰዓት ገደቡን ማጥበቅ ነው። አማካዩንም አትጣሉት። ለሚቀጥለው ወር ስንት ሰርቨር እንደሚያስፈልግ ስታቅዱ ይጠቅማል፤ ሌሊት ሰው ለመቀስቀስ ግን አይሆንም።